ቀሚሱን ከሦስት እርምጃ ርቆ መግለጽ

ጥያቄ፦ «ትንሽ የስፌት ቤት አለኝ። ለአንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁትን ቀሚስ ደህና ፎቶ ሳላነሳው ወሰደችው። ምስል የሚሠራልኝ ኤዲተር ‹በጽሑፍ ይግለጹልኝ፣ በኤአይ አወጣዋለሁ› ስላለኝ እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ ‹ጥቁር አረንጓዴ የሳቲን ቀሚስ፣ ፕሪንሰስ ቅድ፣ በአንድ ትከሻ (ቀኝ)፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው፣ ርዝመቱ 118፣ ቁልፍ የለውም›። የመጣልኝ ላዩ ጥቁር ታቹ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጃንጥላ የተነፋ፣ ፊት ለፊቱ ቁልፍ የተደረደረበት፣ ትከሻውም በግራዋ የሆነ ቀሚስ ነው። እኔ ደግሞ ሳቲኑን የሰፋሁት በፈዛዛው ፊቱ ነበር። ደብዳቤውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

ኤዲተሩ ላይ አይፍረዱበት። የላኩለት መስመር ለሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ብዙም አይጎድለውም ነበር፤ ሰውየው አንብቦ፣ አንድ ሁለት ነገር ጠይቆ መቀሱን ያነሣ ነበር። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ሁለት አንባቢ ነው ያለው። አንደኛው ኤዲተሩ ነው፣ ሁለተኛው ምስሉን የሚሥለው ፕሮግራም። ፕሮግራሙ መቀስ ይዞ አያውቅም። የሠለጠነው መግለጫ በተጻፈላቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ስለሆነ፣ አንድ ቃል ሲሰጡት የሚያወጣው ያ ቃል ከየትኛው መልክ ጋር አብሮ ሲመጣ እንደኖረ ነው። ለልብስ ቤቶች ምስል ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ፣ እና የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው፦ ሰፊው ልብሱን እንዴት እንደሠራው ይነግረኛል፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ ምን እንደሚታይ ነው።

«ፕሪንሰስ»ን ይውሰዱት። ለእርስዎ ይህ ከደረት ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ፣ ልብሱን ከሰውነት ጋር የሚያስማማ ስፌት ነው። ፕሮግራሙ ዘንድ ግን ቃሉ ልዕልትን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወገቧ የጠበበ፣ ከወገቧ በታች እንደ ደወል የተነፋ ቀሚስ የለበሰች ልዕልት። ጃንጥላዎ ከዚያ ነው የመጣው። የሚገርመው ደግሞ ያ ስፌት በጠቆረ ጨርቅ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ከነጭራሹ አለመታየቱ ነው። የማይታየውን ሲነግሩት የሌለውን አመጣ። የሰው፣ የእንስሳ ወይም የዕቃ ስም የተሰጣቸውን የቅድ ስሞች ሁሉ በዚህ ዓይን ይጠርጥሯቸው። ለኤዲተሩ በስሙ ምትክ ቅርጹን ይስጡት፤ የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚለቅ፣ የት እንደሚያልቅ።

ለዚህ የምመክረው ቀላል መለኪያ አለ። ልብሱ ተለብሶ ወይም ተሰቅሎ ባለበት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። ከዚያ ሆነው የሚያዩት ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ ይገባል፤ የማያዩት፣ ማለትም ገበሩ፣ የተደበቀው ዚፕ፣ የውስጥ ስፌቱ፣ አይገባም። የደከሙበትን ሥራ መተው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። የእጅ ስፌት ያረፈበትን ጠርዝ ማን መናገር ይጠላል! ግን ለምስሉ አንዳች አይጨምርለትም።

ከዚያ ጨርቁ አለ። ሳቲን የአሸማመን ስም ነው እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል። የእርስዎ ዓይነቱ ባለ ሁለት ፊት ደግሞ በአንዱ በኩል ያበራል፣ በሌላው ፈዝዞ እንደ ክሬፕ ትንሽ ሻከር ይላል። እርስዎ የገዙበትን ስም ጻፉ፣ ፕሮግራሙም ሳቲን ሲባል የሚያውቀውን አንጸባራቂ ፊት ሣለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የገበያ ስሙን ትተው የላይኛውን ፊት ብቻ ይግለጹ። እኔ ከሰፊዎች የምጠይቃቸው አራት ነገር ነው፦ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል ወይስ ይውጠዋል? ሰውነት ያሳያል? አንድ ጫፉን ቆንጥጠው ሲያንጠለጥሉት ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ገትሮ ይቆማል? ሲታጠፍ እጥፋቱ ስለታም ነው ወይስ ክብ? እነዚህ አራት መልሶች ከጨርቁ ስምና ከክብደቱ የበለጠ ለምስሉ ይጠቅማሉ። ቁራጭ ተርፎዎት ከሆነ ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ግን አይሁን። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግማሹን ቁልቁል ይልቀቁትና አወራረዱ ጭምር እንዲታይ አድርገው ያንሱት።

ቀለሙ ላይ የደረሰው አደጋ የራሳችን ቋንቋ ያመጣው ነው። እኛ «ጥቁር አረንጓዴ» ስንል የጠቆረ አረንጓዴ ማለታችን ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ሁለት ቀለም ይሆናል። ፕሮግራሙም ጥቁሩን ለላዩ፣ አረንጓዴውን ለታቹ አከፋፈለው። «ጥቁር ሰማያዊ» እና «ጥቁር ቀይ» የሚሉትም እንዲሁ ሊከፈሉ ይችላሉ። መፍትሔው ቀለሙን በሚታወቅ ነገር መጥራት ነው፤ ለምሳሌ «የጠርሙስ አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት»። የቁራጩን ፎቶ ሲያነሡ መብራቱን አጥፍተው፣ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከጎኑ ነጭ ወረቀት አድርገው ይሁን። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ አረንጓዴ ወደ ወይራ ቀለም ይሄዳል። ነጩ ወረቀት ካለ ኤዲተሩ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ፎቶውን ያስተካክልና የጨርቁ ቀለም አብሮ ይመለስለታል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የቀኝና የግራ ጉዳይ። ልብስ ሰፊ «ቀኝ» ሲል የለባሿን ቀኝ ነው፤ ይህ ትክክል ነው፣ ሌላ አማራጭም የለውም። ምስል የሚያይ ሰው ግን ከፊት ለፊት ስለሚቆም የሷ ቀኝ ለእሱ በምስሉ ግራ በኩል ነው። ፕሮግራሙ የትኛውን ቀኝ እንደሚወስድ አይታወቅም፤ አንዳንዴ የለባሿን፣ አንዳንዴ የምስሉን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ ጨርሼ ካስረከብሁ በኋላ ነው ልብሱ ተገልብጦ መሣሉ የተነገረኝ፤ ሰፊዋ የላከችልኝ ፎቶ መስታወት ፊት የተነሣ መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር። መስታወት ሁሉን ይገለብጣል። ከዚያ ወዲህ የምቀበለው ሁለቱንም ብቻ ነው፦ «በለባሿ ቀኝ፣ ፊት ለፊት ለሚያይ በምስሉ ግራ»። መደጋገም ይመስላል፣ ይምሰል።

ርዝመቱን 118 ብለዋል፣ ከትከሻ እስከ ጠርዝ ማለትዎ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ሜትር የለውም፤ ቁጥሩን ቢሰጡት ምንም አያደርግበትም። ለኤዲተሩም ቢሆን ያለ ለባሿ ቁመት ትርጉም የለውም፤ 118 ሴንቲ ሜትር ቁመቷ 150 በሆነ ሴት ላይ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይደርሳል፣ 175 በሆነችው ላይ ደግሞ ባቷ መሐል ይቀራል። ስለዚህ ልኬቱን ወደ ሰውነት ይመልሱት። «ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አንድ መዳፍ» ቢሉ ማንም ይገባዋል፣ ኤዲተሩ ለፕሮግራሙ ወደሚጽፈው ትእዛዝ፣ ወደ ፕሮምፕቱም ያለችግር ይገባል። የትከሻውንም ስፋት በሴንቲ ሜትር ከመጻፍ «አራት ጣት» ይበሉ።

«ቁልፍ የለውም» ስላሉት ለምን ቁልፍ እንደመጣ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ሰዎች ለምስል መግለጫ ሲጽፉ ያለውን ይጽፋሉ እንጂ የሌለውን አይዘረዝሩም። ፕሮግራሙ ከእነዚያ መግለጫዎች ስለተማረ «ቁልፍ» የሚለውን ይይዛል፣ «የለውም» የሚለው ይሾልክበታል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች በዚህ ረገድ ይሻላሉ፣ ግን እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ የማይፈለገው ነገር ለብቻው የሚጻፍበት ሳጥን አለ፤ ያንን ኤዲተሩ ያውቀዋል። የእርስዎ ድርሻ በአሉታ የተባለውን ወደ አዎንታ መለወጥ ነው። ቁልፍ የሌለው ፊት ምን ይመስላል? ልሙጥ ነው። እንግዲያው «ፊት ለፊቱ ልሙጥ፣ ያልተቋረጠ ጨርቅ» ይባላል። የሌሉትን ነገሮች ደግሞ ከደብዳቤው ግርጌ ለኤዲተሩ ዓይን ብቻ ይጻፉለት፤ ምስሉ ሲወጣ እያመሳከረ ያይበታል።

የሽንሽኑም ነገር እንዲሁ ለፕሮምፕቱና ለማመሳከሪያው ይከፈላል። «ሽንሽን» ሲባል በካውያ የተተኮሰ ስለታም እጥፋትም ሊሆን ይችላል፣ በክር የተሰበሰበም፣ ጨርቁ ዝም ብሎ ተስቦ የተኛበትም። የእርስዎ የቱ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ከታች ባለው ናሙና ላይ ወደ አንድ ጎን ተስቦ የተኛ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ፣ ካልሆነ ያርሙት። ስለ እጥፋት መነገር ያለበት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድና ጠርዙ ስለታም ወይም ለስላሳ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ፕሮግራሙ አይጠብቅልዎትም። ሰባት ቢሉት አምስትም ዘጠኝም ሊያመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም እየቆጠረ አይሥልም፤ እጥፋት የሚመስል መልክ ነው የሚያለብሰው። ስለዚህ «ጥቂት ለስላሳ እጥፋቶች» ለፕሮምፕቱ ይሁን፣ «በትክክል ሰባት» ግን ለማመሳከሪያው።

እንግዲህ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቀሚሱ ፊት ለፊት ቆማ ለምትታይ ሴት ነው፤ ከራስ እስከ እግር ይታይ። በአንድ ትከሻ የሚያዝ፣ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ረጅም ቀሚስ ነው። ቀለሙ የጠርሙስ አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ጨርቁ ፈዛዛ ነው፣ ብርሃን ይውጣል፤ ሰውነት አያሳይም፤ ከበድ ብሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሲታጠፍ እጥፋቱ ክብ ነው። ትከሻው በለባሿ ቀኝ፣ በምስሉ ግራ በኩል ነው፤ ስፋቱ አራት ጣት። ሌላው ትከሻና ሁለቱም ክንዶች ባዶ ናቸው። የአንገቱ መስመር ከዚያ ትከሻ ተነሥቶ ወደ ሌላኛው ብብት በሰያፍ ይወርዳል። ወገቡ ላይ ጥቂት ለስላሳ እጥፋቶች ወደ ለባሿ ግራ፣ ወደ ምስሉ ቀኝ ይሳባሉ፤ እዚያ ጎን ላይ ይሰበሰባሉ። ከወገብ እስከ ጉልበት ሰውነቷን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከጉልበት በታች በትንሹ ይለቃል። ጠርዙ ከቁርጭምጭሚቷ አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ ያልቃል። ፊት ለፊቱ ልሙጥ ነው።

ለማመሳከሪያ ብቻ፦ እጥፋቶቹ ሰባት ናቸው። ቁልፍ፣ መታጠቂያ፣ ዳንቴልና ጥልፍ የለውም። ዚፑ በጎን ተደብቋል፣ አይታይም። የቁራጭ ጨርቅ ፎቶ ከነጭ ወረቀት ጋር አያይዣለሁ።»

ቅደም ተከተሉን ያስተውሉልኝ። መጀመሪያ አቋሙና ጠቅላላ ቅርጹ፣ ከዚያ ቀለምና ጨርቅ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ነው የሄድሁት። ይህ ለውበት አይደለም። ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለው ምስል የሚሥል ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹ ስሪቶቹ ጽሑፍ የሚያነቡበት ክፍል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 77 ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ አንዱ ቁርጥራጭ አንድ ቃል ወይም የቃል ክፋይ ነው። ከዚያ የተረፈው ይቆረጥ ነበር። የኋለኞቹ ከዚያ በጣም የረዘመ ያነብባሉ፣ ግን ኤዲተሩ ማሳጠር ቢያስፈልገው ከግርጌ ጀምሮ እንዲቀንስ ዋናው ነገር ላይ ላይ መሆን አለበት።

ከዚህ ደብዳቤ ኤዲተሩ የሚያወጣው ፕሮምፕት ይህን ይመስላል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይበልጥ የለመዱት እንግሊዝኛ ስለሆነ በዚያው ነው የሚጽፈው፦

```
Full-length front view of a standing woman,
plain light grey wall, soft daylight.
One-shoulder dress, solid bottle green,
matte opaque crepe, heavy soft drape.
Wide strap on the left side of the picture,
other shoulder and both arms bare.
A few soft rounded folds at the waist,
pulled toward the right side of the picture.
Slim skirt, slightly flared below the knee,
hem a hand's width above the ankles.
Smooth unbroken front.
```

እንግሊዝኛው ባይገባዎትም አንድ ነገር ሊቆጣጠሩ ይችላሉ፤ satin እና princess የሚሉት ቃላት የትም የሉበትም፣ black እና buttonም እንዲሁ። ኤዲተሩ «ለማስዋብ» ብሎ ከጨመራቸው ያስወጧቸው። elegant እና luxurious የሚሉትም የሚያብረቀርቅ ነገር ይዘው የመምጣት ልማድ ስላላቸው እኔ አልወዳቸውም።

የመጀመሪያው ምስል ሲመጣልዎት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይገምግሙ። በመጀመሪያ ትከሻውን ይዩ። ትከሻውም እጥፋቱም አብረው ተገልብጠው ሌላው ሁሉ ትክክል ከሆነ እንደገና መሣል አያስፈልግም፤ ኤዲተሩ ምስሉን ግራና ቀኝ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። ትከሻው ብቻ ተገልብጦ እጥፋቱ በቦታው ከሆነ ግን መገልበጡ አያድንም። ቀጥሎ ጨርቁን ዳሌና ጉልበት ላይ ይመልከቱ። እዚያ ነጭ የብርሃን ጭረት ካለ አሁንም ሳቲን ነው የሣለው። ከዚያ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ይከተሉ፦ እውነተኛ እጥፋት የሚነሣበትና የሚያልቅበት ቦታ አለው። መሐል ላይ ከሌላው ጋር ተዋሕዶ የሚጠፋ ወይም ከየትም የሚጀምር ካለ ፕሮግራሙ መልኩን እንጂ ጨርቁን አላወቀውም። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያይ የለም፤ ኤዲተሩ በቀላሉ ያልፈዋል።

እርማት ሲልኩ ቦታውን ለይተው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ወገቡ ላይ ያሉት እጥፋቶች ብቻ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ» ብለው። ኤዲተሩ ያንን ቦታ ብቻ ከልሎ እንደገና ማሣል ይችላል። እንዲህ ካልሆነና ሙሉውን ፕሮምፕት ነካክቶ ከላይ ከጀመረ፣ የወደዱት ቀለምና አወራረድ አብሮ ሊለወጥ ይችላል፤ አንድ ቃል ሲቀየር ምስሉ በሙሉ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል። ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ እጥፋቱ እምቢ ካለ፣ ልኬት ሲያደርጉ የተነሣች ደብዛዛም ብትሆን የስልክ ፎቶ ካለችዎት የወገቡን ክፍል ብቻ ቆርጠው ይላኩለት። ከቃል ይልቅ እሷን መነሻ አድርጎ መሥራት ይቀለዋል። ፎቶዋ የደንበኛዎ ፊት ካለባት መጀመሪያ እሷን ያስፈቅዱ፣ ወይም ፊቱን ቆርጠው ያውጡ፤ ስሟንና የሰውነት ልኬቷን ደግሞ ኤዲተሩ ምንም አያደርግባቸውምና አይላኩ።

የጀርባውን ምስል ለብቻው እንዳያዙ። ፕሮግራሙ የፊቱን ቀሚስ ያስታውሳል ብለው ካሰቡ ይሳሳታሉ፤ ከቃላት ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ሲሥል ሌላ ቀሚስ ነው የሚሥለው፣ የትከሻው ስፋት ይለያል፣ አረንጓዴው ይለያል። የፊቱን ምስል እንደ መነሻ ቢሰጡት እንኳ ጀርባውን ይገምታል እንጂ አያውቀውም። ዚፑን በጎን ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ እሱ ጀርባ መሐል ላይ ሊተክለው ይችላል። አንድ የፊት ምስል ይበቃዎታል፤ ከሥሩም ‹ምስሉ በኤአይ የተሠራ ነው፣ ቀሚሱን ስፌት ቤታችን ሰፍቶታል› ብለው ይጻፉበት፤ አንዷ ‹ልክ ይሄንን› ብላ ልታዝዝዎ ትመጣለችና።